«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?» ሳልዋሽ የመለስኩበት ቀን



ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት በ2015 ነው፤ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም ተመራቂ ላይ የተጀመረበት ዓመት። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ፈተናውን አልሐምዱሊላህ አለፍኩ፤ ሥራው ግን አልመጣም። አሶሳ ላይ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ የመንግሥት ቅጥር ሲዘገይ የሁላችንም ዓይን ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ይዞራል። የሸርቆሌ፣ የባምባሲና የጾሬ የስደተኞች መጠለያዎች ስላሉ፣ በዚያ ላይ በሚያዝያ 2015 በሱዳን ጦርነት ሲነሳ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ስለገባ፣ ማስታወቂያው ይበዛ ነበር። እኔም ሲቪዬን ይዤ ከቢሮ ቢሮ እዞር ነበር።

በ2016 አንድ ድርጅት ለንብረት ክፍል ረዳትነት ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የሥራውን ጥያቄ መለስኩ። ከዚያ አንደኛው ወረቀቱን ዘጋና በእንግሊዝኛ «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን መልስ ሌሊቱን በቃሌ ሸምድጄዋለሁ፦ «ከአምስት ዓመት በኋላ በፕሮጀክት ማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ፣ በዚሁ ድርጅት የፕሮግራም ኃላፊ ሆኜ አያለሁ።» ሳልደናቀፍ ጨረስኩት።

ከሦስቱ መካከል ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴት ፈገግ አለችና «ጥሩ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪው እስካሁን ምን ጀምረሻል?» አለችኝ።

ምንም አልጀመርኩም። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን እንደሚሰጥ አላውቅም። ክፍያው ስንት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እንዲያውም ፕሮጀክት ማኔጅመንት የሚባለውን ትምህርት እወደዋለሁ ወይስ አልወደውም ብዬ ለአንድ ቀን አስቤ አላውቅም። «እያሰብኩበት ነው» አልኩ። እሷም ምንም ሳትል ጻፈች። ያንን ሥራ አላገኘሁም።

ሥራው ስላመለጠኝ ብቻ አይደለም ያዘንኩት። ወደ ቤት ስመለስ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነበር፤ በሦስት ሰዎች ፊት የሌለኝን ሕይወት እንዳለኝ አድርጌ ተናግሬያለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጂዳ ያለችው አክስቴ «ነይ፣ እዚያ ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለች ትደውላለች። ቤተሰብ የትዳር ነገር አንስቷል፤ ገና አልተወሰነም። ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ የደብተርና የልብስ ወጪው እኔን ይመለከታል። አባቴ ማሳው ላይ እንደ ድሮው መዋል አቅቶታል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው «ከአምስት ዓመት በኋላ የት ነሽ?» ሲባል ሳይዋሽ ምን ይላል?

ጠያቂው በእርግጥ ምን ፈልጎ ነው?

የአጎቴ ልጅ ለዓመታት በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። የሆነውን ስነግረው ሳቀ።

«እህቴ፣ የፕሮግራም ኃላፊ እሆናለሁ የሚል መልስ በቀን አስር ጊዜ እንሰማለን። ለጥበቃም ለጽዳትም የሚወዳደር ሰው ይለዋል። የሚጎዳሽ እሱ አይደለም፤ የሚጎዳሽ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ የማያውቁትን ነገር ለምን ይጠይቁናል? እነሱስ ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንዳሉ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ጥያቄው ስለ አምስት ዓመት አይደለም» አለኝና ሦስት ነገር ነገረኝ።

የመጀመሪያው፣ ይህን ሰው አሰልጥነን ሥራውን ሲለምድ ጥሎን ይሄዳል ወይ የሚለው ነው። አንድ የንብረት ሠራተኛ መጋዘኑን፣ ቅጾቹንና ሰዎቹን እስኪያውቅ ወራት ይፈጅበታል። በሦስተኛው ወር ከሄደ ቅጥሩ እንደገና ከማስታወቂያ ይጀምራል። ሁለተኛው፣ ይህ ሥራ ለዚህ ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ ያለ ነው ወይስ ሌላ እስኪያገኝ የሚቀመጥበት ወንበር ነው የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ሰውየው ስለ ራሱ ሕይወት በረጋ መንፈስ ማሰብ ይችላል ወይ የሚለው ነው። «ስለ ራሱ ማሰብ ያልቻለ ሰው ስለ መጋዘኔ እንዴት ያስብልኛል?» አለኝ።

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም ወደፊቱን ማወቅን አይጠይቅም። ሦስቱንም ዛሬ ባለው እውነት ብቻ መመለስ ይቻላል። እኔ የወደቅኩት የወደፊቴን ስለማላውቅ አልነበረም። ያልተጠየቅኩትን ትንቢት ለመናገር ስሞክር የተጠየቅኩትን ሳልመልስ ስለቀረሁ ነው።

አንድ ነገርም ጨመረልኝ፤ እስካሁን መልስ ሳዘጋጅ የምለካበት እሱ ነው። «አንድ መልስ እውነት መሆኑን ለማወቅ ከፈለግሽ፣ ከኋላው 'ለዚህ ምን ጀመርሽ?' የሚለውን ጥያቄ አስቀምጪበት። ጥያቄውን ከቻለው መልሱን ያዢው። ካልቻለው ከአፍሽ አታውጪው።»

አቅጣጫና ቀን

ማታ ከመግሪብ በኋላ ለአባቴ ጉዳዩን አነሳሁለት። አባቴ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎ አምጥቶ አሶሳ ዙሪያ በቁጥር በሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች ካሰፈራቸው ሰዎች አንዱ ነው። ሲመጣ ገና ልጅ ነበር።

«አባ፣ ያኔ ከአምስት ዓመት በኋላ የት ነህ ቢሉህ ምን ትል ነበር?»

«ወሎ ነኝ እል ነበር» አለኝ። «ዝናቡ ሲመለስ እንመለሳለን ብለን ነበር የመጣነው። ይኸው ልጆቼን እዚህ ወለድኩ።»

ትንሽ ዝም አለና ጨመረ፦ «ግን አንዱን አውቅ ነበር። የትም ብሆን አርሼ እንደምበላ አውቅ ነበር። እሱ አልተሳሳተም።»

ይህን ሲል ነገሩ በራልኝ። አባቴ የት እንደሚሆን አያውቅም ነበር፤ ምን ይዞ እንደሚሄድ ግን ያውቅ ነበር። ስለ ቦታውና ስለ ጊዜው ተሳስቷል፤ ስለ ሥራው አልተሳሳተም። እኔም ተጠይቄ የዋሸሁት በማላውቀው ላይ ነው፤ ስለማውቀው ግን አንድ ቃል እንኳ አልተናገርኩም።

ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ ያለውን የዓባይ ግድብ እንይ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ በጥቂት ዓመታት ያልቃል ተብሎ ነበር። የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ነው፤ ከ14 ዓመት በላይ ፈጀ። በመሃል የተርባይኖቹ ቁጥር ተቀይሮ በመጨረሻ 13 ሆነ። መሐንዲስና በጀት የተመደበለት የአገር ፕሮጀክት እንኳ ቀኑንና ቁጥሩን ቀይሯል። ያልተቀየረው የሚገነባበት ቦታና የሚገነባበት ምክንያት ነው። እቅድ ያለው ሰው ማለት ቀኑን የማይስት ሰው ማለት አይደለም። ቀኑ ሲቀየርበት ሥራውን የማይጥል ሰው ነው።

መልሱን እንዴት ሠራሁት?

በዚያ ሳምንት አንድ ወረቀት ይዤ ለሦስት ከፈልኩት።

በመጀመሪያው ክፍል የወሰንኩትን ብቻ ጻፍኩ። «የወሰንኩት» ስል አንድ ነገር የጀመርኩለትን ማለቴ ነው። ከምርቃት በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ ለስምንት ወር በጊዜያዊነት ሠርቻለሁ። ንብረት ሲገባ በሞዴል 19 መቀበል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ማስረከብ፣ ቢን ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ወደ ኋላ ተመልሶ ስህተቱ የት ቀን ላይ እንደገባ መፈለግ ተምሬያለሁ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። አንድ ቀን 12 ብርድ ልብስ ጎድሎብን ሁሉም ሌባ ሲፈልግ፣ እኔ ሳይመዘገብ የወጣውን ወረቀት ሳገኝ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም። ስለዚህ በንብረትና በሂሳብ ቁጥጥር ሥራ እንደምቀጥል መናገር እችላለሁ። ምን ጀመርሽ ብባል መልስ አለኝ።

በሁለተኛው ክፍል ይህ የምወዳደርበት ሥራ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ምን እንዲያስተምረኝ እንደምፈልግ ጻፍኩ። ለዚህ የማስታወቂያውን የሥራ ዝርዝር መስመር በመስመር ማንበብ ነበረብኝ። ብዙዎቻችን ደመወዙንና የመጨረሻ ቀኑን አይተን እናልፈዋለን። እኔ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የማላውቃቸውን ሁለት ነገሮች አገኘሁ፤ አንደኛው ዕቃ ከዋናው መጋዘን ወጥቶ መጠለያው ውስጥ ለተጠቃሚ እስኪደርስ ያለው አሠራር፣ ሁለተኛው ወርሃዊ የንብረት ሪፖርት ነው። የአምስት ዓመቱ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ያለው እዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በሦስተኛው ክፍል ያልተወሰነውን ጻፍኩ፤ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ትዳር፣ የጂዳው ነገር፣ የአባቴ ጤና። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ «ይህ ቀጣሪውን ይመለከተዋል?» ብዬ ጠየቅኩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አለመዋሸት ማለት ሁሉንም መናገር ማለት አይደለም። ገና ያልተወሰነ የትዳር ወሬ የቤተሰብ ምስጢር ነው፤ የማንም መብት የለበትም። አክስት ስለደወለች ብቻ «ልሄድ እችላለሁ» ብሎ ማውራትም እውነት መናገር አይደለም፤ ያልወሰኑትን እንደ ወሰኑት ማስመሰል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቪዛው ተጀምሮ፣ ፓስፖርቱ ወጥቶ፣ በሦስት ወር ውስጥ የምትሄድ ከሆነ «ለረጅም ጊዜ አብሬያችሁ መሥራት እፈልጋለሁ» ማለት ሐሰት ነው። ቃል ገብቶ ማፍረስ ከምን እንደሚቆጠር ከመድረሳ ጀምሮ ተምረነዋል። መስመሩ ይኸው ነው፤ ሐሳብ ከሆነ የራስህ ነው፣ ውሳኔ ከሆነና ሰውየውን የሚጎዳ ከሆነ የእሱም ነው።

እኔ ይህን ለማጥራት ኢስቲኻራ ሰገድኩ፤ ከእናቴም ጋር ተማከርኩ። የጂዳውን ነገር ወንድሜ ትምህርቱን እስኪጨርስ ላለማንሳት ወሰንኩ። ይህ ውሳኔ ራሱ መልስ ሰጠኝ፦ «ለሁለት ዓመት ከአሶሳ የመውጣት ሐሳብ የለኝም» ማለት ቻልኩ። ተመልከቱ፤ መልሱ እውነት እንዲሆን መጀመሪያ የራሴን ጉዳይ መወሰን ነበረብኝ። ሐሰትን አማራጭ ማድረግ ስተው፣ ለወራት ስሸሸው የነበረውን ውሳኔ ለመወሰን ተገደድኩ።

መልሱን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ስጀምር የሰው ዓረፍተ ነገር ነበር የሚመጣልኝ። በአማርኛ ግን ያልሆንኩትን ስጽፍ ወዲያው ያሳፍረኛል። እንዲህ የሚል ነበር፦

«የአምስት ዓመቱን ሁሉ አሁን አላውቀውም፤ የማውቀውን ልንገራችሁ። በንብረትና በሂሳብ ቁጥጥር ሥራ እቀጥላለሁ። እስካሁን ስምንት ወር መጋዘን ውስጥ ሠርቻለሁ። እዚህ ብቀጠር በመጀመሪያው ዓመት ዕቃ ከመጋዘን እስከ መጠለያው ያለውን አሠራር መልመድ እፈልጋለሁ፤ ኮንትራቱ ከታደሰ በሁለተኛው ዓመት ወርሃዊ ሪፖርቱን ብቻዬን ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ በዚሁ ሙያ ከፍ ያለ ኃላፊነት ወይም ሁለተኛ ዲግሪ ይሆናል፤ የትኛው እንደሚቀድም በገንዘብ አቅሜ ይወሰናል። የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለብኝ ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ከአሶሳ የመውጣት ሐሳብ የለኝም፤ ኢንሻአላህ።»

ጮክ ብዬ ሳነበው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በውስጡ «አላውቅም» የሚል ቃል አለ፤ ግን ብቻውን አልቆመም። «አላውቅም» ብሎ ዝም ማለት በሩን መዝጋት ነው። «ይህን አላውቅም፣ ይህንን ግን አውቃለሁ፣ ያኛው ደግሞ በዚህ ነገር ይወሰናል» ማለት ግን ያሰበ ሰው ንግግር ነው።

«ኢንሻአላህ ማለት አዎ ነው ወይስ አይደለም?»

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሌላ ድርጅት ጠራኝ። ያው ሥራ፣ ያው ጥያቄ። መልሴን ስጨርስ ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠና «ኢንሻአላህ ስትዪ ትቆያለሽ ማለት ነው ወይስ አትቆዪም?» አለኝ።

ሰውየው አልተሳሳተም። እኛው ራሳችን ቃሉን አበላሽተነዋል። ሰርግ ተጠርተን ላንሄድ «ኢንሻአላህ» እንላለን፤ ብድር ተጠይቀን ላንሰጥ «ኢንሻአላህ» እንላለን። በሱረቱል ከህፍ 23ኛውና 24ኛው አንቀጾች የተማርነው ግን ሌላ ነው፤ ነገ የምትሠራውን ነገር ስትናገር የአላህን ፈቃድ አብረህ አንሳ የሚል ነው። ይህ ማለት መጀመሪያ የምትሠራው ነገር አለ ማለት ነው። ኢንሻአላህ ከእቅድ ጋር የሚሄድ ቃል ነው፤ በእቅድ ፈንታ የሚቀመጥ አይደለም።

«አዎ ማለቴ ነው» አልኩት። «ውሳኔዬ መቆየት ነው። ዕድሜዬና ጤናዬ ግን በእጄ ስላልሆኑ ነው እንደዚያ ያልኩት።»

ራሱን ነቀነቀ። አንዱ ደግሞ ቀጥሎ «ትዳርስ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ እህቶቼ ታውቁታላችሁ፤ ወንዶቹን አይጠይቋቸውም። ልቤ ቢመታም ተዘጋጅቼበት ስለነበር «በእኔ በኩል የተወሰነ ነገር የለም። ሥራዬን የሚነካ ነገር ቢመጣ በጊዜው አሳውቃለሁ» አልኩ። እውነት ነበር። ከዚህ በላይ መናገር ግዴታዬ አልነበረም።

ይህንን ያለፍርሃት እንድናገር የረዳኝ አንድ የሕግ እውቀት ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ስለዚህ በቃለ መጠይቅ ላይ የአምስት ዓመት ውል እየፈረምን አይደለም። ዛሬ ያለንን ኒያ ነው የምንናገረው። ነገ ሁኔታው ከተቀየረ የሚቀረን አማና፣ ሕጉ የሚለውን ጊዜ ጠብቆ፣ መጋዘኑን አስቆጥሮ፣ ቁልፉን አስረክቦ መሄድ ነው።

ውጤቱ ሲለጠፍ ሁለተኛ ወጥቻለሁ፤ ተጠባባቂ። እውነት ተናግሬ አንደኛ ወጣሁ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልወጣሁም። አንዳንድ ኮሚቴ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ነጥብ ይሰጣል፤ ለዚህ ጥያቄ «ትልቅ ዓላማ አለው» ብሎ የሚያስብ ሰው የሚመዘን ከሆነ ልከኛ መልስ ነጥብ ሊያስቀንስ ይችላል። ይህን አውቃችሁ ግቡበት። ከአምስት ሳምንት በኋላ ግን አንደኛ የወጣው ልጅ አዲስ አበባ ሌላ ሥራ አግኝቶ ቀረና ስልኬ ጮኸ።

ቀጣሪውም አያውቅም ነበር

ሥራውን ጀመርኩ። ዕቃ ከመጋዘን ጭኖ መጠለያ ድረስ መሄድን፣ የተጠቃሚውን ፊርማ ከዝርዝሩ ጋር ማስታረቅን ለመድኩ። ወርሃዊ ሪፖርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ልሠራው እየተዘጋጀሁ ሳለ ጥር 12 ቀን 2017 አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። በአገራችን ጤና ሚኒስቴር ብቻ በዚህ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ሠራተኞች ውላቸው እንደተቋረጠ ሰማን። እኛም ጋ ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ደረሰ። ከዚያ ደብዳቤው መጣ። በየካቲት ወር ቁልፉን አስረከብኩ።

የጠየቁኝ ሰዎች ራሳቸው ከእኔ ጋር ነበር የወጡት። ከአምስት ዓመት በኋላ የት ነሽ ያለኝ ሰብሳቢ፣ እሱም በስድስት ወር ውስጥ የት እንደሚሆን አያውቅም ነበር። ይህን የምለው ለመሳለቅ አይደለም፤ አልቅሰን ነው የተለያየነው። ነገር ግን ያን ቀን «በዚሁ ድርጅት የፕሮግራም ኃላፊ እሆናለሁ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ከደብዳቤው ጋር እቅዴም ይቀደድ ነበር። እኔ ግን ያልኩት በንብረትና በሂሳብ ቁጥጥር እቀጥላለሁ ነው። ወንበሩ ሄደ፤ የተማርኩት ከእኔ ጋር ወጣ።

አሁን ከተማ ውስጥ አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ጋ መጋዘን እይዛለሁ። ሲሚንቶና ብረት ነው የምቆጥረው። ሰውየው ድሮ በደብተር ይሠራ ነበር፤ አሁን ቢን ካርድ አስጀምሬዋለሁ። ደመወዙ ከድሮው ያንሳል። ወንድሜ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ተፈትኗል፤ ሁለት ዓመት ያልኩት ሞልቷል። የጂዳዋ አክስቴ አሁንም ትደውላለች፤ አሁን ነገሩ እንደገና ክፍት ነው።

ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሥራ ተጠርቻለሁ። ያንኑ ወረቀት አውጥቼ አየሁት። የመጀመሪያው ክፍል አልተቀየረም፤ የሠራሁት ግን በዝቷል። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል፤ የአዲሱን ማስታወቂያ አንብቤ እንደገና ጻፍኩት። ሦስተኛው ላይ «ሁለት ዓመት ከአሶሳ አልወጣም» የሚለውን ሰረዝኩት፤ ዛሬ ልለው አልችልምና። በምትኩ «ቢያንስ የኮንትራቱን ዓመት እጨርሳለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አነስ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከኋላው የሚመጣውን ጥያቄ ይችላል።

እህቴ፣ ወንድሜ፤ አንቺም አንተም ይህ ጥያቄ ይጠብቃችኋል፤ በቢሮ ባይሆን እንኳ ከአማች፣ ከአጎት፣ ከጓደኛ አፍ ይመጣል። ሦስቱን ክፍል ቤት ውስጥ በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉት። ከእያንዳንዱ መስመር ኋላ «ምን ጀመርክ?» የሚለውን አስቀምጡ። የማይችለውን መስመር ሰርዙት፤ ወይ ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሩለትና መልሳችሁ ጻፉት።

አላህ ኸይሩን ይምረጥልን። ወላሁ አዕለም።